የማድረሻ ክፍያ በክብደትና በቀጠና፦ ለትዕዛዝ ፎርማችሁ የትኛው አሰላል ይሻላል?

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና ማር ለሚሸጡ ሱቆች የትዕዛዝ ፎርም ስሠራ ባለሱቆቹ ደጋግመው የሚያነሱት ስለ መልኩና ስለ ቀለሙ ነው። በኋላ የሚያጣላው ግን አንዲት መስመር ናት፦ «የማድረሻ ክፍያ»። ደንበኛው ሦስት ኪሎ አዝዞ ለባሕር ዳር 350 ብር ይከፍላል፣ ባለሱቁ ጭነት ቢሮ ሲደርስ 420 ይባላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን በየጥቅሉ ይደገማል።

እዚህ የማወዳድረው ሦስት አሰላሎችን ነው፦ በቀጠና ብቻ አንድ ዋጋ፣ መነሻ ሲደመር በኪሎ፣ እና የእርከን ሠንጠረዥ። ከዚያ ስሌቱ የት ይቀመጥ ወደሚለው እገባለሁ። በጽሑፉ ያሉት ዋጋዎች የምሳሌ ናቸው፤ የእናንተን የምታገኙት ከምትልኩበት ድርጅት ደረሰኝ ነው።

መጀመሪያ ቀጠናው

ብዙ ሰው ቀጠና ሲከፍል ካርታ ይዞ ይጀምራል፦ ቅርብ፣ መካከለኛ፣ ሩቅ። ቀጠና ግን መለየት ያለበት በምትከፍሉት ዋጋ ነው። ሱቁ ካዛንቺስ ነው እንበል። አያት ላለ ደንበኛ ሞተረኛ የምትልኩበት ዋጋ፣ ቢሾፍቱ መናኸሪያ ድረስ በአውቶቡስ ጭነት ከምትልኩበት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከታች በማሳየው ሠንጠረዥ ቀጠና 3 በአንዱ ረድፍ ከቀጠና 2 ቢረክስ የፊደል ስህተት አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ የክፍለ ከተማ ዝርዝር ነው። ፎርሙ ላይ አሥራ አንዱን ክፍለ ከተሞች ደርድሮ «ይምረጡ» ማለት ይቀላል። ነገር ግን ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተዋቀረው በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰሚት ወይም አያት የሚኖር ሰው እስካሁን በልማድ «ቦሌ» ወይም «የካ» ብሎ ሊመርጥ ይችላል። ቦሌ አራብሳ ያለውማ የሰፈሩ ስም ራሱ ቦሌ ይላል። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ላለ ደንበኛ የተመደበ ዋጋ ለአራብሳ ሲከፈል ሞተረኛው ስልክ ይደውላል፣ እናንተም ትጨምራላችሁ። መፍትሔው ደንበኛው ሰፈሩን እንዲመርጥ ማድረግ ነው። ሰሚት፣ ሲኤምሲ፣ ጀሞ፣ ሳሪስ፣ ሽሮ ሜዳ እያላችሁ ሃምሳ ስልሳ ሰፈር ዘርዝሩና እያንዳንዱን ከጀርባ ከቀጠና ቁጥር ጋር አያይዙት። ደንበኛው «ቀጠና 2» የሚል ነገር ማየት አያስፈልገውም። «ዞን» የሚለውንማ ጭራሽ አትጻፉ፤ ክልል ላይ ያለ ሰው ምሥራቅ ጎጃም ነው ወይስ ምዕራብ ብሎ ማሰብ ይጀምራል።

ሦስተኛው የአማርኛ ጣጣ ነው። ከተማውን በባዶ ሳጥን አስጽፋችሁ በጽሑፍ ልታዛምዱ ከሞከራችሁ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሃዋሳና አዋሳ ይመጡላችኋል። ባሕር ዳር ደግሞ በ«ሕ»፣ በ«ህ»፣ ተለያይቶ፣ ተጋጥሞ ይጻፋል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ከተማና ሰፈር ከዝርዝር ይመረጥ፣ ከጀርባ ያለው መለያም `z1`፣ `z2` ዓይነት አጭር ኮድ ይሁን። ባዶ ሳጥን የሚያስፈልገው ለቤት ቁጥርና ለምልክት ቦታ ብቻ ነው።

ሦስቱ አሰላሎች በሦስት ጥቅል ላይ

አሁን ተመሳሳይ ሦስት ጥቅሎችን በሦስቱም መንገድ እናስላ። ሁሉም የሚሄዱት ወደ ሩቁ ቀጠና ነው፤ ክብደታቸው ታሽገው የተመዘኑበት ነው። አንዱ 620 ግራም ቡና ለሐዋሳ፣ ሁለተኛው 3.24 ኪሎ በርበሬና ሽሮ ለባሕር ዳር፣ ሦስተኛው 8.4 ኪሎ ለጎንደር። ጭነት ድርጅቱ 180 ብር መነሻ ይዞ ለእያንዳንዱ ኪሎ፣ ጎዶሎውን ወደ ላይ እየሞላ፣ 60 ብር ያስከፍላል እንበል። የሚመጣባችሁ ደረሰኝ በቅደም ተከተል 240፣ 420 እና 720 ብር ነው፣ ድምሩ 1,380።

በቀጠና ብቻ አንድ ዋጋ ብታደርጉና ሩቁን ቀጠና 400 ብትሉት ከሦስቱ ደንበኞች 1,200 ትሰበስባላችሁ። የ180 ብር ጉድለቱ አይደለም ዋናው ችግር፤ 400ን ወደ 460 ከፍ አድርጋችሁ ድምሩን ማስተካከል ትችላላችሁ። ችግሩ የሐዋሳው ሰው ነው። ለ620 ግራም ቡና 460 ብር ማድረሻ ሲያይ ፎርሙን ዘግቶ ይወጣል። የጎንደሩ ደግሞ በርካሽ ስለመጣለት በሚቀጥለው ጊዜ አሥር ኪሎ ያዝዛል። ቀስ በቀስ ቀላል ጥቅሎች ይጠፉና ከባዶቹ ብቻ ይቀራሉ፣ የተሰላው አማካይም ይፈርሳል። አንድ ዋጋ የሚሠራው የሁሉም ጥቅል ክብደት ተቀራራቢ ሲሆን ነው። ነጠላ ብቻ ወይም ሻሽ ብቻ ለሚሸጥ ሱቅ ሌላ ነገር አልመክርም።

መነሻ ሲደመር በኪሎ ብታደርጉ፣ ለምሳሌ 200 መነሻ ሲደመር 55 በኪሎ፣ 255፣ 420 እና 695 ይወጣል። ድምሩ 1,370፤ ከደረሰኙ የ10 ብር ልዩነት ነው። ድርጅቱ ራሱ በኪሎ ስለሚያስከፍል ይህ መቀራረብ የሚጠበቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ደጋግሜ አይቻለሁ፦ ወደ ላይ መሙላቱን በየዕቃው ማድረግ። ደንበኛው አራት ግማሽ ኪሎ ቡና ቢያዝ እያንዳንዱ ወደ አንድ ኪሎ ተሞልቶ አራት ኪሎ ይሆናል። ትክክለኛው ሁለት ኪሎና የካርቶኑ ጥቂት ግራም ነው። መደመር ይቅደም፣ መሙላት ይከተል፤ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ።

ሦስተኛው የእርከን ሠንጠረዥ ነው። ቀጠና 1 እና 2 ከተማ ውስጥ ናቸው፣ ቀጠና 3 እንደ ቢሾፍቱ ያለው ቅርብ ከተማ ነው፣ ቀጠና 4 ሩቁ ነው፦

| ታሽጎ ክብደቱ እስከ | ቀጠና 1 | ቀጠና 2 | ቀጠና 3 | ቀጠና 4 |
|---|---|---|---|---|
| 1 ኪሎ | 150 | 220 | 200 | 250 |
| 3 ኪሎ | 150 | 220 | 260 | 350 |
| 5 ኪሎ | 150 | 220 | 330 | 460 |
| 10 ኪሎ | 220 | 300 | 520 | 760 |

ሦስቱ ጥቅሎች በቀጠና 4 ዓምድ 250፣ 460 እና 760 ይሆናሉ፣ ድምሩ 1,470። ከደረሰኙ 90 ብር ይበልጣል። ያ የሆነው እርከኖቹ ሰፊ ስለሆኑ ነው፤ 3.24 ኪሎ የሚከፍለው የአምስት ኪሎ ዋጋ ነው።

እስካሁን ባለው በኪሎ የሚያሰላው ያሸነፈ ይመስላል። የቀጠና 1 እና 2 ዓምዶችን ግን ተመልከቱ። ከተማ ውስጥ ሞተረኛ ዋጋ የሚጠራው በመንገዱ ነው፤ ኋላው ላይ ባለው ሳጥን እስከገባ ድረስ አንድ ኪሎም አራት ኪሎም ለእሱ ያው ነው። ስለዚህ እስከ አምስት ኪሎ አንድ ቁጥር ተደጋግሞ ተጽፏል። ይህ «በቀጠና አንድ ዋጋ» የሚባለው አሰላል ነው፣ ሠንጠረዡ ውስጥ ተቀምጦ። ቀጠና 4ን በኪሎ ማስላት ከፈለጋችሁም እርከኑን ከ1 እስከ 10 በየኪሎው አሥር ረድፍ ማድረግ ነው፤ የፎርሙላውን ውጤት ቁጥር በቁጥር ይይዝላችኋል። ፎርሙላ ሠንጠረዥን ሊተካ አይችልም፣ ሠንጠረዥ ግን ፎርሙላን ይተካል። ከተማ ውስጥ በሞተር፣ ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ ጭነት ለሚልክ ሱቅ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ሠንጠረዡን የሆነው ለዚህ ነው። የእርከኑን ስፋት የሚወስነው በዚያ ቀጠና የሚመጣባችሁ ደረሰኝ ነው።

ባለሱቁ ራሱ ማረም መቻሉም ቀላል ነገር አይደለም። ነዳጅ ሲጨምር ሞተረኛው 30 ብር ቢጨምር አንድ ዓምድ ላይ ቁጥር መቀየር ማንም ይችላል። ፎርሙላ ውስጥ የተቀበረ 55ን ለመቀየር ግን ለእኔ ይደወላል።

ወሰኑ ላይ

ሠንጠረዥ የራሱ ሕመም አለው፦ ገደሉ። የባሕር ዳሩን ጥቅል እንየው። ሁለት ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ሽሮ፣ ልክ 3.0 ኪሎ። ካርቶኑ፣ ላስቲኩና ማሸጊያ ፕላስተሩ 240 ግራም ይመዝናሉ። ፎርሙ የዕቃውን ክብደት ብቻ ከደመረ ደንበኛው 350 ይከፍላል፤ ጥቅሉ ግን የ5 ኪሎ እርከን ውስጥ ነው፣ ክፍያው 460 መሆን ነበረበት። በ240 ግራም 110 ብር። ሰዎች ደግሞ የሚያዝዙት በሙሉ ቁጥር ነው፦ አንድ ኪሎ፣ ሦስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ። የእርከኑም ወሰን ሙሉ ቁጥር ከሆነ አብዛኛው ትዕዛዝ ልክ ገደሉ ጫፍ ላይ ያርፋል።

ሁለት ነገር አድርጉ። የመጀመሪያው ሚዛን ነው። እያንዳንዱን ዕቃ ከነመያዣው መዝኑና በግራም መዝግቡ፤ «አንድ ኪሎ ማር» በጠርሙስ ሲሆን ሚዛን ላይ ከአንድ ኪሎ በደንብ ይበልጣል። ከዚያ የካርቶኑን ክብደት ፎርሙ ራሱ ይጨምር፣ ለምሳሌ እስከ ሁለት ኪሎ 120 ግራም፣ ከዚያ በላይ 240። ሁለተኛው፣ ላኪ ድርጅታችሁ ከፈቀደ ወይም ኪሳራውን ከቻላችሁት፣ ወሰኑን 3 ኪሎ ከማለት 3,300 ግራም ማለት ነው። ሦስት ኪሎ ያዘዘ ሰው ከነካርቶኑ በሦስት ኪሎው ዋጋ ይሄዳል፣ ክርክርም አይኖርም።

በግራም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በኪሎ፣ በነጥብ ከሠራችሁ ጃቫስክሪፕት `0.1 + 0.2` ሲባል `0.30000000000000004` ይላል። ወሰን ላይ የቆመ ጥቅል በዚያች ጭራ ምክንያት ወደሚቀጥለው እርከን ሊዘል ይችላል። ግራም ሙሉ ቁጥር ነው፣ ጭራ የለውም።

ስሌቱ ራሱ ይህን ያህል ነው፦

```js
const limits = [1000, 3000, 5000, 10000];
const fees = {
  z1: [150, 150, 150, 220],
  z2: [220, 220, 220, 300],
  z3: [200, 260, 330, 520],
  z4: [250, 350, 460, 760]
};
function shippingFee(zone, grams) {
  if (!fees[zone]) return null;
  const i = limits.findIndex(l => grams <= l);
  return i === -1 ? null : fees[zone][i];
}
```

`null` የሚመጣው ቀጠናው ሳይገኝ ሲቀር ወይም ጥቅሉ ከ10 ኪሎ ሲያልፍ ነው። ከኮዱ ሁሉ ልብ የሚባለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በጃቫስክሪፕት `null + 900` ውጤቱ 900 ነው። ስህተት አይጮህም፣ ማድረሻው ዝም ብሎ ነፃ ይሆናል። አንድ የሠራሁለት ሱቅ ላይ ለገጣፎ ከዝርዝሩ ቀርታ ነበር፤ «ሌላ» ብለው የመረጡ ደንበኞች ለአንድ ሳምንት ያህል ማድረሻ ሳይከፍሉ አዘዙ። ባለሱቋ ያወቀችው ለገጣፎ ያለች ደንበኛ ደውላ «ነፃ ዴሊቨሪው ለበዓል ብቻ ነው?» ብላ ስትጠይቃት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ድምሩን ከማስላታችሁ በፊት `null` መሆኑን አረጋግጡ፣ ከሆነ ድምር አታሳዩ፤ «ለዚህ አድራሻ ክፍያውን ደውለን እንነግርዎታለን» ይበል።

ስሌቱ የት ይቀመጥ?

ጎግል ፎርም ነፃ ነው፣ ማንም ይሠራዋል። ግን አይደምርም። ደንበኛው ከመላኩ በፊት የማድረሻ ክፍያውን ሊያይ አይችልም፤ ስሌቱ የሚሠራው መልሱ የሚገባበት ጎግል ሺት ላይ፣ ከተላከ በኋላ ነው። በቴሌግራም ሸጣችሁ፣ ድምሩን በመልእክት ልካችሁ፣ ገንዘቡን በቴሌብር የምትቀበሉ ከሆነ ይህ አይጎዳችሁም፤ እንዲያውም ከመክፈላቸው በፊት በዓይናችሁ ለማየት ጊዜ ይሰጣችኋል። በቀን ከአሥር አሥራ አምስት ትዕዛዝ በላይ ሲሆን ግን መልስ በመላክ ትውላላችሁ።

ሺት ላይ የሚያሳስተው `VLOOKUP` ነው። የመጨረሻውን መለያ ባዶ ከተዋችሁት የሚፈልገው ከክብደቱ እኩል የሆነውን ወይም ወደ ታች የሚቀርበውን ረድፍ ነው፤ የእኛ ሠንጠረዥ ግን «እስከ» ስለሚል የምንፈልገው ወደ ላይ የሚቀርበውን ነው። 3.24 ኪሎ በ`VLOOKUP` የ3 ኪሎውን ዋጋ ያመጣል፣ እናንተም ለወራት ሳታውቁት ትከስራላችሁ። `XLOOKUP` ወደ ላይ መፈለግ ይችላል፦

```
=XLOOKUP(C2, Fees!$A$2:$A$5, Fees!$E$2:$E$5, "ይደወል", 1)
```

መጨረሻ ላይ ያለችው 1 «እኩል ካልተገኘ ቀጣዩን ትልቅ አምጣ» ማለት ናት። ዓምድ E የቀጠና 4 ዋጋ ነው፤ A ላይ ያሉት ወሰኖች በግራም ከሆኑ C2ም በግራም ይሁን። ሌላም አለ፦ ፎርሙ አዲስ መልስ ሲያስገባ አዲስ ረድፍ ይጨምራል፣ ከጎን ጎትታችሁ ያወረዳችሁት ፎርሙላም አዲሱ ረድፍ ላይ አይገኝም። ስሌቱን መልሶቹ ከሚገቡበት ገጽ ለይታችሁ ሌላ ገጽ ላይ ሥሩት፤ መልሶቹንም ወደዚያ በየረድፉ ሳይሆን ሙሉ ዓምዱን በአንድ `ARRAYFORMULA` አምጡ።

የራሳችሁ ድረ ገጽ ካለ ከላይ ያለው ኮድ ደንበኛው ሰፈሩን እንደመረጠ ክፍያውን ያሳየዋል። በመስመር ላይ የሚከፈል ከሆነ ግን አሳሹ ላይ የተሰላውን ቁጥር አትመኑ፤ ትንሽ የሚያውቅ ሰው 460ን 4 አድርጎ ሊልከው ይችላል። ፎርሙ የሚልከው ሰፈሩንና ዕቃዎቹን ብቻ ይሁን፣ ሰርቨሩ ክብደቱንም ክፍያውንም እንደገና ያስላ፣ የሚከፈለውም የሰርቨሩ ቁጥር ይሁን።

በወርድፕረስ ላይ ዉኮሜርስ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀጠና የመፍጠሪያ ቦታ አለው፣ ግን በአገር፣ በክልልና በፖስታ ኮድ ነው የሚለየው፤ የሰፈር ዝርዝሩን እናንተ መጨመር ይኖርባችኋል። ቀጠናዎቹን ከላይ ወደ ታች ያነብና መጀመሪያ የገጠመው ላይ ይቆማል። «መላው ኢትዮጵያ» የሚለውን ከላይ፣ ጠበብ ያለውን ከታች ካደረጋችሁ የታችኛው ተራ አይደርሰውም። አብሮት የሚመጣው ቋሚ ዋጋ በዕቃ ብዛትና በሒሳብ ድምር ያሰላል እንጂ ክብደት አያውቅም፤ ለእርከን ሠንጠረዥ ተጨማሪ ፕለጊን ያስፈልጋል። ከጫናችሁ በኋላ እያንዳንዱ ዕቃ ክብደት እንደተሞላለት ፈትሹ። ክብደቱ ባዶ የሆነ ዕቃ ዜሮ ኪሎ ተብሎ ይቆጠራል፣ አሥር ቢታዘዝም የመጀመሪያው እርከን ላይ ይወድቃል።

ውጭ አገር ሲሆን

ለዋሽንግተንና ለዱባይ የምትልኩ ከሆነ ይህን ሠንጠረዥ አታራዝሙት። እንደ ዲኤችኤል ኤክስፕረስ ያሉት ላኪዎች ከትክክለኛው ክብደትና ከመጠን ክብደት የሚበልጠውን ነው የሚያስከፍሉት። የመጠን ክብደት ማለት ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሴንቲ ሜትር ተባዝተው ለ5,000 ሲካፈሉ ነው። አንድ መሶብ 45 በ45 በ50 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ውስጥ ገባ እንበል፦ 101,250 ለ5,000 ሲካፈል 20.25 ኪሎ ይሆናል። ሚዛን ላይ ሦስት ኪሎ ቢሆንም የምትከፍሉት ከሃያ ኪሎ በላይ ነው። በርበሬ ጠቅጥቆ ስለሚታሸግ ሚዛኑ ይገዛል፣ መሶብና ሰፌድ ላይ ግን ካርቶኑ ይገዛል።

እዚህ ላኪው በኤፒአይ በቀጥታ የሚሰጠውን ዋጋ መጥራት ይሻላል፤ የካርቶኑን መጠን ስትልኩለት ራሱ ያሰላል፣ የነዳጅ ጭማሪውንም ያውቃል። ኔትዎርክ ሲጠፋ ወይም መልሱ ሲዘገይ ፎርሙ ተሰቅሎ እንዳይቀር፣ በጥቂት ሰከንድ መልስ ካልመጣ ያው «ደውለን እንነግርዎታለን» ይታይ። በወር ሦስት አራት ጥቅል ብቻ ወደ ውጭ ለሚልክ ሱቅ ግን ኤፒአይ ማገናኘት ልፋቱን አይመልስም፤ ከፎርሙ አውጡትና በእጅ ጠይቁ።

ከመክፈታችሁ በፊት

ያለፈውን ወር የማድረሻ ደረሰኞች ሰብስቡ፤ ሃያ ሠላሳ ይበቃል። እያንዳንዱን በሠንጠረዡ እንደ አዲስ አስሉና ከተከፈለው ጋር ጎን ለጎን አድርጉት። ድምሩን ብቻ አትዩ፤ በሁለቱም በኩል ትልቁን ልዩነት ፈልጉ። አንድ ጥቅል 200 ብር ያከሰረ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወይ ሰፈሩ የተሳሳተ ቀጠና ውስጥ ነው፣ ወይ የዕቃው ክብደት ያለ ጠርሙሱ ነው የተመዘገበው።

እያንዳንዱ ትዕዛዝ ሲገባም የታሰበውን ክብደት፣ የቀጠናውን ኮድና ክፍያውን እዚያው ትዕዛዙ ላይ በቁጥር አስቀምጡ። ሠንጠረዡ በሚቀጥለው ወር ሲቀየር የሺት ፎርሙላ የቆየውን ትዕዛዝ ሁሉ በአዲሱ ዋጋ መልሶ ያሰላዋል፣ ያኔ ደንበኛው በእርግጥ ስንት እንደከፈለ ከሺቱ ማወቅ አይቻልም።